የጾም ሽሯችንን ያስተዋወቀው ልጅ በዛው ሳምንት ክትፎ ሲበላ ታየ

ሰላም እንዴት ናችሁ። ይሄን የምጽፈው ሰሞኑን ሁለት ሦስት ጓደኞቼ «ቲክቶከር ልንይዝ ነው፣ ማንን እንያዝ» እያሉ ስለጠየቁኝና ለእያንዳንዱ ከመጀመሪያው መተረክ ስለሰለቸኝ ነው። እኛ ከፍለንበታል፣ እናንተ በነጻ ውሰዱት።

እኔና እህቴ ጎንደር ላይ በርበሬ፣ ሽሮና በሶ እያሸግን እንሸጣለን። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ጠባብ ሱቅ አለችን፣ ከዛ ውጪ አዘዞ፣ ማራኪና ፒያሳ ላሉ ሱቆች እናስረክባለን። የምንታወቀው በአንድ ነገር ብቻ ነው፣ ምንም አይቀላቀልበትም። በርበሬ ውስጥ ምን ምን እንደሚገባ የገበያ ሰው ያውቀዋል፣ እንጨቱ ሳይቀነጠስ አብሮ ከሚፈጨው ጀምሮ እስከ ሸክላ ዱቄት ድረስ ሲወራ ትሰማላችሁ፣ ስለዚህ ሰው የታሸገ በርበሬ ሲያይ ከዋጋው በፊት «ማን ነው ያዘጋጀው» ነው የሚለው። የኛ መልስ ደግሞ ከድሮም «ኑና እዩ» ነው፣ ማንም መጥቶ ሲቀነጠስ ሲታጠብ ሲሰጣ ማየት ይችላል። ብራንድ ምናምን የሚባለው ነገር ለኛ ይሄው ነው፣ ሌላ የለንም።

ካቻምና ጥምቀት አልፎ እንግዳው ሁሉ ተሸኝቶ ከተማው ጭር ሲል፣ ዓቢይ ጾም ሳይገባ አንድ ነገር እናድርግ ተባባልን። 55 ቀን የሽሮ ወቅት ነው፣ በሶም ይሄዳል። አንድ የጎንደር ልጅ ነበር፣ ቲክቶክ ላይ 180 ሺህ ምናምን ፎሎወር ያለው፣ ቀልደኛ፣ የእናቶችን አነጋገር እያስመሰለ ሆድ እስኪያመን የሚያስቀን። እኔ ነኝ የመረጥኩት። እንዴት መረጥከው ብትሉኝ ማታ አልጋ ላይ ተጋድሜ ፎሎወሩን አየሁ፣ ሦስት ቪዲዮ አየሁ፣ ሳቅሁ፣ አለቀ። ጠዋት ደወልኩለት፣ 45 ሺህ ብር ለሦስት ቪዲዮና ፎቶው ማሸጊያችን ላይ እንዲለጠፍ ተስማማን፣ ውል የለ ምን የለ፣ ሙሉውን በባንክ ላክንለት። እህቴ ብቻ «የቀመሰው ግን መቼ ነው?» ብላ ነበር። አልመለስኩላትም። 3,000 ስቲከር ፎቶውን ለጥፈን አሳተምን።

የመጀመሪያው ቪዲዮ ከ200 ሺህ ሰው በላይ አየው። ስልኩ ሲጮህ ዋለ፣ ግማሹ ሰው ግን የሚጠይቀው «ልጁ እዛ ሱቅ ይመጣል እንዴ» እያለ ነው። በሳምንት ውስጥ «ቪዲዮ አይቼ ነው» ብለው የገዙትን እህቴ ደብተር ላይ ጻፈቻቸው፣ 41 ሰው። ለ45 ሺህ ብር ትንሽ ነው ግን ገና ነው ብለን ተጽናናን።

ሳምንቱ ሳያልቅ ግን እሮብ መጣ። ልጁ ለአንድ ሆቴል የክትፎ ማስታወቂያ ሰራ። የጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት ላይ! ሰኞ «ጾማችሁን በዚህ ሽሮ ያዙ እናቶቼ» ያለው ልጅ እሮብ ጣባ ይዞ ቅቤው እየተንጠባጠበ። እዚህ ጋ ተረዱኝ፣ ይጹም አይጹም የራሱ ጉዳይ ነው፣ እኔ የሰው ጾም ቆጣሪ አይደለሁም፣ ሆቴሉም የማይጾም ደንበኛ አለው። ችግሩ እኛ ለጾም ሽሮ ፊት አድርገን የያዝነው እሱን መሆኑ ነው። ሰው ሁለቱን ስክሪንሾት ጎን ለጎን አድርጎ የከተማው ቴሌግራም ግሩፖች ላይ በተነው፣ የእኛ ፓኬት ከክትፎው አጠገብ። ሁለተኛው ቪዲዮ ደግሞ ባሰ፣ እኛ ያላልነውን ከራሱ ጨምሮ «ጨጓራ ያለባችሁ ይሄን ሽሮ ብሉ፣ እኔን አድኖኛል» አለ። ሽሯችን እኮ በርበሬ ያለበት ነው! ደንበኛችን የሆነች ነርስ ደውላ «ይሄን እናንተ ናችሁ ያላችሁት?» አለችን፣ የምመልሰው ጠፋኝ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን አንዲት እማማ ናቸው፣ ከእናታችን ጊዜ ጀምሮ ከኛ የሚገዙ። ሱቅ ገብተው ፓኬቱን አነሱና ፎቶውን አስጠግተው አዩት አዩትና «ይሄ ነው እንዴ የቀመሰው?» አሉ። እህቴ «እማማ፣ እሱ እንኳን ያስተዋውቅልናል እንጂ…» ብላ ሳትጨርስ መልሰው አስቀመጡት። «ድሮ ስም አልነበረበትም፣ እኔም አልጠየቅሁም ነበር» ብለው ወጡ። ይሄ የገባኝ ቆይቶ ነው። እኛ ስማችን ላይ ሌላ ሰው ስንጨምር እማማ ከዚህ በፊት ያልጠየቁንን ጥያቄ እንዲጠይቁ አደረግናቸው።

ስቲከሩ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ቪዲዮ ይጠፋል፣ ይረሳል፣ ፓኬት ግን ሱቅ መደርደሪያ ላይ ወራት ይቀመጣል። ልጁን ስንነግረው ሳይከራከር ቪዲዮዎቹን አጠፋልን፣ እውነቱን ለመናገር ጨዋ ልጅ ነው፣ «እኔ እኮ ሥራ ነው ብዬ ነው» አለኝ፣ ልክም ነበር። የአዘዞዎቹን ፓኬቶች ግን በባጃጅ እየዞርኩ ለቅሜ እየላጥኩ መልሼ አሸግኩ። አዲዳስ እንኳን በፈረንጆቹ 2022 ከካንዬ ዌስት ጋር ሲለያይ ሰውየው የጸረ ሴማዊነት ንግግር ከተናገረ በኋላ መጋዘን ሙሉ የሱ ጫማ ቀርቶበት ምን እንደሚያደርገው ጨንቆት ነበር፣ እኔ ደግሞ 1,900 ስቲከር ቀረኝ። እስካሁን ሁለት ጥቅል እቤት አለ፣ ልጆች ደብተር ይለጥፉበታል።

እና ከዛ በኋላ ዓመት ሙሉ ምንም አላደረግንም። በሚቀጥለው ጾም ሲቃረብ ግን እህቴ «አሁን እኔ ልምረጥ» አለች። እሷ ያደረገችውን ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ ስልክ አልነካችም፣ ወረቀት ላይ አንድ ነገር ብቻ ጻፈች፣ «ያልተቀላቀለ»። ይሄ ነው የኛ ቃል ኪዳን፣ እና የምንፈልገው ሰው በዚህ በአንዱ ነገር የሚታመን መሆን አለበት። በሌላው ጎበዝ ይሁን አይሁን፣ ቆንጆ ይሁን አይሁን፣ ሁለተኛ ነው። ሰው «ጥሩ ስም ያለው» ሲል በጅምላ ያስባል ግን ስም በዓይነት ነው። ያ ልጅ መጥፎ ስም አልነበረውም፣ በማሳቅ የታወቀ ነው፣ ለከረሜላ ቢሆን፣ ለስልክ ካርድ ቢሆን ጥሩ ይሸጥ ነበር። ሰው እሱን የሚያየው እውነት ሊሰማ አይደለም፣ ሊስቅ ነው። እኛ ደግሞ የምንሸጠው እምነት ነው። በሱ አፍ እምነት ስንናገር ቀልድ ሆነ።

ከዛ 11 ሰው ዘረዘርን፣ ጎንደርና ዙሪያዋ ያሉ ወይ ጎንደሬ ሆነው አዲስ አበባ ያሉ። ለእያንዳንዱ የመጨረሻዎቹን 30 ቪዲዮዎች አይታ ስንቱ ማስታወቂያ እንደሆነና የምን እንደሆነ ጻፈች። ይሄ ቁጭ ብሎ ማየት ነው፣ አቋራጭ የለውም፣ ለአንድ ሰው አንድ ሰዓት ምናምን ይፈጃል። አንዷ ከ30ው 17ቱ ማስታወቂያ ነበር፣ ማክሰኞ የማቅጠኛ ሻይ፣ ሐሙስ የፀጉር ቅባት፣ ቅዳሜ ውርርድ። ሁለት ሰዎች ደግሞ ከአራት ወር በፊት የሌላ በርበሬ አስተዋውቀው «ከዚህ ሌላ ቤቴ አይገባም» ብለዋል፣ የኛን ሲይዙ ያ ቪዲዮ ተመልሶ እንደሚመጣ ግልጽ ነው። በዚህ ብቻ 11ዱ አምስት ሆኑ።

ቀጥሎ ኮመንት። የማስታወቂያውን ኮመንት አይደለም፣ እሱ ላይ ሁሌም «ዋጋ ስንት ነው» እና እሳት እሳት ኢሞጂ ነው። ሰውየው ምንም ሳይሸጥ በዋለበት ቀን ምን ይሉታል? ስህተት የሰራ ቀንስ? አንዱ ጎበዝ ምግብ አብሳይ ነበር፣ ግን ሰው «ጨው በዛ» ሲለው ብሎክ ያደርጋል፣ ሰዎቹ በሌላ አካውንት ተመልሰው ይሰድቡታል። ያ ሰው የኛን በርበሬ ይዞ «ፍሬው በዝቶበታል» የምትል ደንበኛ ብትመጣ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። የኛ መልስ «ኑና እዩ» ነው፣ የሱ መልስ ብሎክ ነው። አይገጥምም።

ከዛ ላይቭ። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ እኔም አላውቅም ነበር። ቪዲዮ ተቆርጦ ተሰፍቶ ነው የሚለጠፈው፣ ላይቭ ግን ሰውየው ራሱ ነው፣ ደግሞ ካለቀ በኋላ እንደ ቪዲዮው ፕሮፋይሉ ላይ ተደርድሮ አይቀመጥም፣ ስለዚህ ወደኋላ ሄዳችሁ ማየት አትችሉም፣ ማታ ማታ ገብታችሁ መቀመጥ አለባችሁ። እህቴ ለሁለት ሳምንት ከራት በኋላ ቡናዋን ይዛ ላይቭ ላይ ነበረች፣ እኔ «ሱስ ያዘሽ» እያልኩ። ቀን ቀን ነጠላ አጣፍታ ስለ ጾም ምግብ የምታስተምር አንዲት ልጅ ማታ ባትል በሚሉት የላይቭ ፉክክር ላይ ለጊፍት ብላ የሰው እናት ስትሳደብ ሰማናት። በጆሯችን ባንሰማ ኖሮ የመጀመሪያ ምርጫችን እሷ ነበረች። አንድ ማታ ብቻ ብትገቡ ግን ላያጋጥማችሁ ይችላል፣ ሰው ጥሩ ቀንም መጥፎ ቀንም አለው፣ ቢያንስ ሦስት አራት ማታ ተቀመጡ፣ አንድ ጊዜ የተናደደን ሰው ደግሞ በዛ ብቻ አትጣሉት። የምትፈልጉት የዘወትር ጠባዩን ነው።

ሦስት ሰው ቀረን። ለሦስቱም ደወልን፣ እህቴ ስለ ዋጋ ከመናገሯ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቀች፣ «እስካሁን እምቢ ያልሽው ሥራ አለ?» አንዱ «እኔ ሥራ አልመርጥም፣ ፕሮፌሽናል ነኝ» አለ። ሁለተኛዋ አሰብ አድርጋ ጠጅ ቤት ብላ ሳቀች፣ ክፍያው አንሶባት ነው። ሦስተኛዋ ማራኪ የምትኖር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ናት፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ማታ ወጥ ስትሰራ ስልኳን ምጣድ ማስቀመጫ ላይ አቁማ ትቀርጻለች፣ ፎሎወሯ 14 ሺህ ብቻ። እሷ «የማቅጠኛ እንክብል አምጥተውልኝ ነበር፣ 20 ሺህ፣ ዋጥ ዋጥ አድርጊ አሉኝ፣ ተማሪዎቼ ያዩኛል ብዬ ተውኩት» አለች። 20 ሺህ ለመምህር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ይሄ ጥያቄ ግን ሊዋሽበት ይችላል፣ ስለዚህ አንድ ከዚህ በፊት አብሯት የሰራ ሱቅ ፈልገን ሄድን። ያስተዋወቀችለት ብረት ምጣድ ሻጭ ነው። «ጥሩ ናት ግን ታስቸግራለች፣ እጀታው ይሞቃል ካላልኩ አልሰራም አለችኝ» አለ እያማረረ። እህቴ ዞር ብላ አየችኝ። እሱ ሊያማልን ነው የፈለገው፣ ለኛ ግን ከዚህ የተሻለ ምስክር አልነበረም።

ሱቅ ስትመጣ በርበሬውን ሳትቀምስ ዛላውን ነው ያነሳችው። «እንጨቱ ተቀንጥሷል፣ ታጥቧል ወይ?» አለች። ታጥቧል። «የት ነው የምታሰጡት?» ጣሪያ ላይ ሸራ አንጥፈን። ወጥታ አየችና ጥጉ ላይ ያለው ሸራ ስር እርጥበት እንዳለ በእጇ ነካችው። «ይሄን ካላነሳችሁ ሻጋታ ይይዛል፣ እኔ ስሜን አልሰጥም» አለች። ከፍ ማድረጊያ የእንጨት ቆጥ አሰራን፣ 8,500 ብር፣ ከሷ ክፍያ በፊት ያወጣነው ወጪ ይሄ ነው። ሦስት ሳምንት ቤቷ ወስዳ በላችው፣ ከዛ ነው እሺ ያለችው።

ውሉ አንድ ገጽ ተኩል ነው፣ ጠበቃ ዘመድ አየልን። አራት ቪዲዮ በስድስት ወር፣ 30 ሺህ ብር፣ 12ቱ ሲጀመር ቀሪው ከየቪዲዮው በኋላ። በስድስት ወሩ የሌላ በርበሬና ሽሮ አትይዝም፣ ውርርድና መድኃኒት ነክ ነገር ደግሞ ጨርሶ። አነጋገሯን አንነካም፣ «ምን እንዳለበት፣ ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ የት እንደሚገኝ» የሚለውን ለማረጋገጥ ብቻ ቪዲዮው ከመለጠፉ በፊት እናያለን። ያድናል፣ ይፈውሳል የሚል ቃል ክልክል ነው፣ የማስታወቂያ አዋጁም 759/2004 የሚያሳስት ማስታወቂያ ይከለክላል፣ ጥፋቱ ደግሞ የተናገረው ሰው ጋ ብቻ አይቀርም፣ ባለ ዕቃውንም ይነካል። ማስታወቂያ መሆኑን ገና ሲጀምር ትናገራለች፣ ቲክቶክ ላይም ሲለጠፍ የንግድ ይዘት መሆኑን የሚያሳውቀውን ማብሪያ ታበራለች። መጀመሪያ «ሰው ማስታወቂያ ነው ሲባል ያልፈዋል» ብዬ ተከራክሬ ነበር፣ ግን በፈረንጆቹ 2022 ኪም ካርዳሺያን እንኳን የክሪፕቶ ማስታወቂያ ሰርታ የተከፈላትን ስላልተናገረች 1.26 ሚሊዮን ዶላር ልትከፍል መስማማቷን ሳነብ ዝም አልኩ። ፎቶዋ ማሸጊያ ላይ አይወጣም፣ ይሄን እኔ ነኝ ያስጻፍኩት፣ ባጃጁ ትዝ ብሎኝ።

አንድ አንቀጽ ደግሞ እሷ አስገባች። «የተበላሸ ዕቃ ካገኘሁ ለእናንተ ነግሬ ከአንድ ቀን በኋላ ለተመልካቾቼ እናገራለሁ።» እህቴ ወዲያው ፈረመች። እኔ እጄ ትንሽ ቆየ።

ውጤቱ ተአምር አይደለም። የመጀመሪያው ቪዲዮዋን ያየው 9 ሺህ ሰው ነው፣ የልጁን 200 ሺህ አስታውሱ። ደብተሩ ላይ የተጻፈው ግን በሳምንት 63 ሰው ነው፣ ከነሱ ውስጥ በሚቀጥለው ወር ተመልሰው የመጡት ከግማሽ ይበልጣሉ። ብዙዎቹ የተማሪዎቿ እናቶች ናቸው። ድክመትም አለው፣ ከማራኪና ከአካባቢው ብዙም አልወጣንም፣ ባሕር ዳር ልንሸጥ ብንፈልግ እሷ አትጠቅመንም። ደግሞ ሰውዋ አንዲት ናት፣ ብትታመም፣ ትምህርት ሲከፈት ሥራ ቢበዛባት ቪዲዮ የለም፣ አንድ ወር ሙሉ ጠብቀናታል። ለክርስቲያን ደንበኛ የጾም ወጥ ስትሰራ ጥሩ ነው፣ ለሙስሊም ደንበኞቻችን ግን ያ ቪዲዮ ምንም አይላቸውም፣ ለረመዳን ሾርባና በሶ ሌላ ሰው መፈለግ አለብን፣ እሱንም በዚሁ መንገድ እየፈለግን ነው።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ቀድሞ ገባና አንድ ዙር በሶ እርጥበት ነካው። እኛ አላየንም፣ እሷ ቤቷ ከፍታ ሸተታት። ማታ ደወለች፣ «ነገ ማታ እናገራለሁ» አለች። እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣች፣ «ለኛ ነግረሽን እንሰበስበው የለ፣ ምን ማወጅ ያስፈልጋል» አለቻት፣ እሷ ደግሞ «የፈረምሽውን አንብቢው» ብላ ዘጋች። በማግስቱ ጠዋት የደረስንባቸውን ሱቆች ሁሉ ዞረን ሰበሰብን፣ ማታ እሷ «የሰኔውን በሶ የገዛችሁ መልሱ፣ ብራችሁ ይመለሳል፣ እኔም መልሻለሁ» ብላ ለጠፈች። 23 ፓኬት ተመለሰልን። ከመላሾቹ አንዷ እማማ ነበሩ፣ በሶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ብራቸውን ቆጥረው ተቀበሉና በዛው ብር ሽሮ ገዙበት።

እህቴ መምህሯን ሦስት ቀን አላናገረቻትም። በአራተኛው ቀን ቡና አፍልታ ጠራቻት።